የሃያ ቀን ሥራ፣ የሁለት ወር ቀለብ

የክረምቱ ዝናብ አቁሞ የገጠር መንገድ ሲደርቅ በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርና በጅማ የሆቴል አዳራሾች ተመሳሳይ ሥልጠናዎች ይበዛሉ። በየጠረጴዛው ታብሌት ተቀምጧል። አሠልጣኙ አንድ ቤተሰብ ውስጥ «አባል» የሚባለው ማን እንደሆነ፣ ለሥራ ሌላ ከተማ የሄደ ልጅ ይቆጠር አይቆጠር እንደሆነ ያስረዳል። ሠልጣኞቹ በአብዛኛው በአካውንቲንግ፣ በስታቲስቲክስ፣ በሕብረተሰብ ጤና ወይም በሶሲዮሎጂ ዲግሪ ይዘው ቋሚ ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ናቸው። እንደየጥናቱ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት ብቻ የሚቀጠሩ መረጃ ሰብሳቢዎች ሲሆኑ በሥራው ላይ ያሉት «ዳታ ኮሌክተር» ይሏቸዋል።

ሥራው በወቅት የሚመጣና በወቅት የሚሄድ ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከዓለም ባንክ ጋር ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በየተወሰኑ ዓመታት የሚያካሂደው የቤተሰብ ኑሮ ጥናት ጥሩ ማሳያ ነው። ገበሬው ምን ዘራ የሚለው ከዘር በኋላ፣ ምን አገኘ የሚለው ደግሞ ከአጨዳ በኋላ ይጠየቃል። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የመስክ ሥራም ከጥር እስከ ሰኔ የዘለቀ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች፣ የጤና ተቋማትና የግል አማካሪ ድርጅቶች የሚያካሂዷቸው አነስተኛ ጥናቶችም መኪና መግባት የሚችልበትን ወቅት እየጠበቁ ይወጣሉ። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ድረስ ሥራ ሊደራረብ ይችላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን ቀዝቃዛ ናቸው።

ቋሚ ሥራ እስኪገኝ ድረስ የቤት ኪራይና ቀለብ መሸፈን ለሚፈልግ ሰው ይህ ሥራ ከሩቅ ሲታይ ያማልላል። የቀኑ ክፍያ ከብዙ ጀማሪ ደመወዝ ይበልጣል፣ የተማሩትን ያሠራል፣ አገር ያሳያል። ይሁንና ከመፈረም በፊት ገንዘቡ በእውነት መቼ እጅ እንደሚገባና ሥራው ቋሚ ሥራ ፍለጋውን ምን እንደሚያደርገው መታወቅ አለበት። በቀን ሂሳብ ብቻ ተማርከው የወጡ ብዙዎች የሚቸገሩት በእነዚህ ነው።

ሂሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በራሱ ውል ላይ ያለውን መተካት ይችላል። አንዲት ተመራቂ ለ5 ቀን ሥልጠናና ለ20 ቀን የመስክ ሥራ ተቀጠረች እንበል። ለሥልጠናው በቀን 400 ብር፣ ለመስኩ በቀን 900 ብር ታገኛለች። ሁለት ሺህና አሥራ ስምንት ሺህ ሲደመር 20,000 ብር ይሆናል። በአንድ ወር ለማይሞላ ሥራ ደህና ገንዘብ ነው።

ነገር ግን መስክ ላይ አልጋና ምግብ የምትከፍለው ራሷ ናት። በአብዛኛው ውል ውስጥ የቀን ክፍያና ውሎ አበል ተጠቃለው ነው የሚሰጡት። በወረዳ ከተማ በቀን 350 ብር ብታወጣ በ20 ቀን 7,000 ብር ነው። ለሥልጠናው ቀናት ታክሲ 500፣ ለስልክና መረጃ መላኪያ ኢንተርኔት 500 ይጨመርበት። ወጪዋ 8,000 ብር ደረሰ። ድርጅቱ ሲያስወጣት የከፈላት ቅድሚያም 8,000 ብር ነው። ቅድሚያው በሙሉ በመንገድ አለቀ ማለት ነው፤ እናቷ ቤት የደረሰ አንድ ብር የለም።

የቀረው 12,000 ብር የሚከፈለው መረጃው ተጣርቶ ከተረከበ በኋላ ነው። ጥናቱን ያዘዘው ተቋም እስኪቀበል፣ ፋይናንስ ሰነዱን እስኪያይ፣ አምስት ሳምንት ቢወስድ የሚያስገርም አይደለም። አምስት ቀን ሥልጠና፣ ሃያ ቀን መስክ፣ ሠላሳ አምስት ቀን ጥበቃ፤ ስልሳ ቀን። የ20,000 ብሩ ሥራ ለካ በወር 6,000 ብር የሚያስገኝ፣ ያውም ሁለቱ ወር ካለቀ በኋላ የሚደርስ ሥራ ነው። ኪራይ የሚከፈለው ግን በየወሩ ነው።

ይህ ሥራውን አይጣልም አይባልም አያሰኝም። የሚያሰኘው፣ ከመውጣት በፊት የሁለት ወር ኪራይ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ፣ ወይም በውሉ ላይ የክፍያ ቀን እንዲጻፍ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ነው። «ሥራው ሲጠናቀቅ ይከፈላል» የሚል ሐረግ አይበቃም። የማን ሥራ? የሰብሳቢዋ ወይስ የጠቅላላው ጥናት? ሌላው ቡድን በመንገድ ብልሽት ሁለት ሳምንት ቢዘገይ የእሷም ክፍያ አብሮ ይዘገያል ወይ? «የመጨረሻው መረጃ ከተላከ በኋላ በዚህን ያህል የሥራ ቀን» የሚል አንድ መስመር ብዙ ንትርክ ያስቀራል።

የቲን ነምበርም ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ብዙ አማካሪ ድርጅቶች ዳታ ኮሌክተርን እንደ ደመወዝተኛ ሳይሆን እንደ አገልግሎት ሰጪ ያስፈርማሉ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የአገልግሎት ክፍያ ሲፈጸም ተቀባዩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካላቀረበ ከፋዩ 30 በመቶ ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ አለበት። በምሳሌው ሂሳብ 6,000 ብር፣ ማለትም ወጪ ተቀንሶ ከቀረው ገንዘብ ግማሹ ነው። ቲን ማውጣት ደግሞ መስክ ላይ ሆኖ የሚታሰብ ነገር አይደለም፤ ከሥልጠናው በፊት ማለቅ አለበት።

ሥራው ራሱ ከውጭ እንደሚታየው መጠየቅና መጻፍ ብቻ አይደለም። ብዙ ጥናቶች ከሚያስፈልጋቸው በላይ ሰው ያሠለጥኑና በመጨረሻው ቀን ይፈትናሉ። የወደቀ የሥልጠና አበሉን ይዞ ይመለሳል፣ ጥቂቱ ተጠባባቂ ይሆናል። ስለዚህ «ተመርጫለሁ» ብሎ ሌላ ሥራ መልቀቅ የሚገባው ከፈተናው በኋላ ነው። መስክ ሲወጣ አንድ ቡድን አራት ወይም አምስት ሰብሳቢ፣ አንድ ሱፐርቫይዘርና አንድ ሹፌር ይኖረዋል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተነስቶ፣ ገበሬው ወደ እርሻ ሳይወጣ ቤቱ መድረስ፣ በዓመተ ምሕረት የተነገረን የልደት ዘመን በታብሌቱ አቆጣጠር መመዝገብ፣ ጥማድንና ገመድን ወደ ሄክታር ለመለወጥ የሚረዳውን መልስ በትክክል መያዝ፤ ማታ ደግሞ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ፈልጎ የቀኑን መረጃ መላክ አለ።

የተላከው መረጃ እዚያው አይቀመጥም። አዲስ አበባ ያለው የመረጃ ባለሙያ በየምሽቱ ያገላብጠዋል። አንድ ሰዓት ሊወስድ የሚገባው ቃለ መጠይቅ በ18 ደቂቃ ካለቀ ይታያል። የሰዎች ዕድሜ ሁሉ 30፣ 35፣ 40፣ 45 ከሆነ ሰብሳቢው ጠይቆ ሳይሆን ገምቶ እንደሞላ ይጠረጠራል። «ልጅ የለኝም» የሚል መልስ ከበዛ፣ ተከታዮቹን ሃያ ጥያቄዎች ለመዝለል የተደረገ መሆኑ ይመረመራል። የታብሌቱ የአካባቢ መጠቆሚያ አምስት ቤቶች ከአንድ ዛፍ ሥር እንደተሞሉ ካሳየ ነገሩ አልቋል። ከዚያ በተጨማሪ ሱፐርቫይዘሩ ከተጠየቁት ቤቶች ጥቂቱን ተመልሶ ሄዶ፣ ወይም በስልክ ደውሎ «ትናንት ሰው መጥቶ ነበር?» ይላል። ስህተት የተገኘበት ሰብሳቢ ወደ ቤቱ ተመልሶ ይጠይቃል፤ ለተመለሰበት ቀን ተጨማሪ አበል እንደሚኖር በውሉ ካልተጻፈ ወጪው የራሱ ነው። የፈጠራ መልስ የሞላ ደግሞ ይሰናበታል፣ በሚቀጥለው ጥናትም አይጠራም።

ይህ መጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም፤ የዚህ ሥራ ገበያ የሚንቀሳቀሰው በመጠራት ነውና። የመጀመሪያው ዕድል በማስታወቂያ ሊገኝ ይችላል፤ በቴሌግራም የሥራ ቻናሎች፣ በጋዜጣ፣ በዩኒቨርሲቲ ሰሌዳ ወይም የምርምር ሥራ በሚሠራ መምህር በኩል። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ሱፐርቫይዘሩ ነው። ጥናት ሲመጣ ስልኩን አውጥቶ ባለፈው ጊዜ ሳያስቸግሩት የሠሩትን ይደውልላቸዋል። ከ1994 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በኢትዮጵያ ወደ 3,000 ልጆችን እየተከታተለ በየጥቂት ዓመቱ የሚመለሰውን «ያንግ ላይቭስ»ን የመሰሉ ጥናቶች ደግሞ ያንኑ ቤተሰብ ስለሚጠይቁ ልምድ ያለውን ሰብሳቢ መመለስ ይጠቅማቸዋል። ቋንቋም ወሳኝ ነው። ከአማርኛ ሌላ አፋን ኦሮሞ፣ ሲዳምኛ፣ ሶማልኛ ወይም ትግርኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ይፈለጋል፤ አማርኛ ብቻ የሚችል የአዲስ አበባ ልጅ በከተማ ጥናቶች ላይ ቢያተኩር ይሻለዋል።

እዚህ ላይ ስለ አጭበርባሪዎች አንድ ነገር መባል አለበት። ታብሌት ስለሚረከብ ዋስ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ደመወዝተኛ የሆነ ዘመድ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አምጥቶ ይፈርማል። ለምዝገባ፣ ለሥልጠና ወይም ለባጅ በቴሌብር ገንዘብ እንዲላክ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ግን መታለፍ ያለበት ነው። ሠልጣኙ አበል ይከፈለዋል እንጂ አይከፍልም።

አሁን ወደ ሥራ ፍለጋው እንመለስ። በኢትዮጵያ የቋሚ ሥራ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚቆየው አምስት፣ ሰባት ወይም አሥር የሥራ ቀናት ነው። ብዙ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች አሁንም አመልካች ኦሪጅናልና ኮፒ ይዞ በአካል ቀርቦ እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ። ከዚያ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ ይመጣል፤ ጥሪው ከፈተናው አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ በስልክ ወይም በአጭር መልእክት ይደርሳል። ሃያ ቀን ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ የቆየ ሰው ከማስታወቂያው መውጣት እስከ ምዝገባው መዘጋት ድረስ ያለውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሊያልፈው ይችላል። የሁለት ወር ቀለብ ፍለጋ ሄዶ ዓመታት የሚቆይ ሥራ ያመለጠው ሰው ታሪክ በዚህ ሙያ ውስጥ ብርቅ አይደለም።

ሙሉ መድኃኒት የለውም፤ የሚቀንሰው ዘዴ ግን አለ። የዲግሪ፣ የትራንስክሪፕትና የመታወቂያ ኮፒ ለታመነ ወንድም ወይም እህት መተው፣ ማስታወቂያው በተወካይ መመዝገብን ይፈቅድ እንደሆነ እንዲያነቡ ማድረግ፣ በሲቪው ላይ ሁለተኛ ስልክ ብሎ የእነሱን ቁጥር መጻፍ። ከሁሉ በላይ ግን ቀድሞ የተመዘገበበት ፈተና የሚጠብቅ ሰው ይህንን ለሱፐርቫይዘሩ በሥልጠናው ጊዜ፣ ቡድን ሳይመደብ መንገር አለበት። ያን ጊዜ ቅርብ ከተማ ላይ ሊመደብ ይችላል። መስክ ላይ ሆኖ «ነገ ፈተና አለኝ» ማለት ግን ቡድኑን በሙሉ ያስቆማል፣ መኪናው አንድ ነውና።

ፍለጋው በተጧጧፈበት ወር ደግሞ ጠዋትን ነጻ የሚተው ሥራ ይሻላል። ለዚህ በከተማ የሚታወቀው ቤት ለቤት ማስጠናት ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሆነ ምዝገባውም ፈተናውም ጠዋት ያልቃል። በሌላ ምሳሌ፣ አንድ አስጠኚ ሁለት ቤት ይዞ በሳምንት ሦስት ሦስት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት እየሠራ ከእያንዳንዳቸው በወር 3,500 ብር ቢያገኝ 7,000 ብር ነው። በወር 24 ጊዜ ይመላለሳል፤ ለአንዱ ምልልስ 60 ብር ታክሲ ቢያወጣ 1,440 ይቀነሳል፣ 5,560 ይቀራል። ከዳታው ሥራ የወር ድርሻ ትንሽ ያንሳል፤ ግን በየወሩ ይደርሳል፣ አዲስ አበባም አይለቅም። ቤቱን ያገናኘው ኤጀንሲ ወይም ደላላ የመጀመሪያውን ወር ግማሽ የሚወስድ ከሆነ የመጀመሪያው ወር ላይ እጅ የሚገባው 2,060 ብር ብቻ ስለሚሆን ይህንን አስቀድሞ ማወቅ ነው። ሁለቱ ቤቶች አንድ ሰፈር ቢሆኑና ቀናቸው ቢገጥም ደግሞ ታክሲው በግማሽ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሩቅ ካለ ቤት ላይ አምስት መቶ ብር ከመጨመር ጎረቤት የሆነ ቤት መፈለግ ያተርፋል።

ማስጠናትም የራሱ ወቅት አለው። ትምህርት በተከፈተ ወር ወላጅ አይቸኩልም፤ የመጀመሪያው የፈተና ውጤት ሲመጣ ስልክ ይደወላል። የስድስተኛ፣ የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዎች ሲቃረቡ ይጧጧፋል፣ ፈተናው ሲያልቅ ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይቆማል።

አንዱን ከሌላው ለመምረጥ ከገንዘቡና ከሰዓቱ ሌላ የሚታይ ነገር ወረቀቱ ነው። ማስጠናት የሥራ ልምድ ደብዳቤ አያስገኝም። የዳታ ሥራ ያስገኛል፤ ደብዳቤው ሥራ ላይ የሚውለው ግን በትክክል ከተጻፈ ነው። «ከድርጅታችን ጋር ሠርታለች» የሚል ወረቀት በቅጥር ኮሚቴ ፊት አያስቆጥርም። የሥራ መደቡ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚለው፣ የተከፈለው ገንዘብና ሥራው የሙሉ ቀን መሆኑ መጻፍ አለበት። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያዎች ላይ ደግሞ ከግል ድርጅት የሚቀርብ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ በማስረጃ መረጋገጥ እንዳለበት የሚገልጽ መስመር ብዙ ጊዜ ይገኛል። በአገልግሎት ውል የሠራች ሰብሳቢ ግብሯ የተቆረጠበትን ደረሰኝ መያዝ ያለባት ለዚህ ነው፤ እሱም ቢሆን በሁሉም ቦታ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል።

የውሉ ዓይነት የመብቱንም መጠን ይወስናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወቅታዊ ሥራን ለተወሰነ ጊዜ በሚደረግ የሥራ ውል ማሠራትን ይፈቅዳል። በዚህ ውል የሠራ ሰው ውሉ ሲያልቅ ደመወዙ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈለው ይገባል፤ የሥራ ዓይነቱን፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀትም ሊሰጠው ይገባል። ያልተከፈለውን የሚጠይቅበት ጊዜ ግን ስድስት ወር ነው፣ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። በራሱ ኃላፊነት ሥራ የሚያከናውን የአገልግሎት ሰጪ ውል በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ስለዚህ ከወረቀቱ አናት ላይ ያለውን ርዕስ ማንበብ የመጀመሪያው ነገር ነው። «የአገልግሎት ውል» ከሆነ የክፍያው ቀን፣ ለተመለሱበት ቤት የሚታሰበው አበልና ለሕመም ቀን የሚደረገው ነገር በወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ ሌላ የሚጠጉበት ሕግ ሩቅ ነው።

የተጠበቀው የቋሚ ሥራ ጥሪ በመስክ ሥራ መሐል ቢመጣስ? ብዙ ቀጣሪዎች «ከዚህ ቀን ጀምሮ ሥራ ጀምሩ» ሲሉ የሚሰጡት ጊዜ አጭር ነው። ሰብሳቢዋ በዚያው ቀን ለሱፐርቫይዘሯ ትናገራለች፣ ተጠባባቂ የነበረው ይጠራል። የጀመረችውን ቤት ጨርሳ፣ ታብሌቱ ላይ ያለውን መረጃ በሙሉ ልካ፣ ታብሌቱን፣ ቻርጀሩንና ፓወር ባንኩን በመለያ ቁጥራቸው ተመዝግበው በፊርማ ታስረክባለች። ያችን የርክክብ ወረቀት ኮፒ መያዝ የግድ ነው፤ ዋስ የፈረመው አጎት ነጻ የሚወጣው በእሷ ነው፣ ቀሪው ክፍያም የሚጠየቀው እስከዚያ ቀን በተላኩት መጠይቆች ብዛት ነው።